በድርቅ ዓመት በግ መሸጥ፦ የጡረታዬ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት

ጡረታ የወጣሁት እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ነው፤ 62 ዓመት በሞላኝ ወር። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ከየደመወዜ እየተቆረጠ የተጠራቀመው የጡረታ ሒሳቤ 600 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር፤ 360 ሺሁ በአክሲዮን ፈንድ፣ 240 ሺሁ በቦንድ ፈንድ ተቀምጧል። ቤታችን ዕዳ የለበትም፣ ባለቤቴም ገና ትሠራ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት ጡረታ ሳይቀነስ እስከሚከፈለኝ እስከ 67 ዓመቴ ድረስ በወር 2,500 ዶላር ላወጣ አሰብኩ፤ 1,500ውን ከአክሲዮኑ፣ 1,000ውን ከቦንዱ።

ዕቅዱን ያወጣልኝ አማካሪ በዓመት በአማካይ 6 በመቶ ትርፍ ይገኛል ብሎ አስልቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ ሰማያዊ መስመር አሳየኝ። ስሌቱ አልተሳሳተም። ነገር ግን አማካይ የሚባለው ነገር የትኛው ዓመት ቀድሞ እንደሚመጣ አይናገርም፤ ገንዘብ እያወጣ ለሚኖር ሰው ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

የአሜሪካ ዋናው የአክሲዮን መለኪያ ጥር 3 ቀን 2022 ከፍተኛውን ዋጋ ይዞ ዘጋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልቁል ሄደ። እኔ በየወሩ የምሸጠውን በዶላር ብቻ ስለምመለከት ወዲያው አልገባኝም። የገባኝ በሰኔ ማብቂያ የስድስት ወሩን መግለጫ ስቆጥር ነው። ለማስረዳት እንዲመች የፈንዱ አንድ ድርሻ በጥር 100 ዶላር ነበር እንበል፤ 3,600 ድርሻ አለኝ ማለት ነው። በጥር 1,500 ዶላር ለማግኘት 15 ድርሻ ሸጥኩ። በሰኔ ዋጋው ወደ 80 ወርዶ ስለነበር ለዚያው 1,500 ዶላር 19 ድርሻ ሄደ። ዋጋው ነገ ቢያገግም በእጄ ያሉት ድርሻዎች አብረው ያገግማሉ፤ እነዚያ አራት ትርፍ ድርሻዎች ግን ከእንግዲህ የሌላ ሰው ናቸው።

ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይቼው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መንዝ ውስጥ አባቴ በጎቹን ሲሸጥ አጠገቡ ነበርኩ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ በግ ይዞ ገበያ ስለወጣ የበጉ ዋጋ ወደቀ፣ የእህሉ ዋጋ ናረ፤ በደህናው ጊዜ በሁለት በግ የሚገዛው እህል አምስት በግ ጠየቀ። በኋላ ዝናቡ መጣ፣ ሣሩም በቀለ፤ የሚግጠው መንጋ ግን አልነበረም። በ2022ም እንዲሁ ሁለቱም ጎን ነው የከፋው፦ አክሲዮኑ ሲረክስ የሰኔው የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደረሰ። ዕቅዴ ደግሞ የማወጣውን ገንዘብ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እኩል ከፍ አድርግ ይላል።

የከፋው ስህተቴ ቦንዱ ላይ የነበረኝ እምነት ነው። አክሲዮን ሲወርድ ቦንድ ይደግፋል ብዬ የጥሬ ገንዘብ መጠባበቂያ አልያዝኩም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከዜሮ አጠገብ አንስቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው፤ ወለድ ሲጨምር ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ወለድ የተሸጠው ቦንድ ዋጋ ያጣል። አጠቃላይ የቦንድ ገበያው በዓመቱ 13 በመቶ፣ አክሲዮኑ 18 በመቶ ወረደ።

በሐምሌ ከባለቤቴ ጋር ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ሒሳቡ 490 ሺህ ገደማ ቀርቷል። እሷ ካልኩሌተሩን ተቀብላ የዓመቱን ወጪ፣ 30 ሺሁን፣ ለቀረው ገንዘብ አካፈለችና «6.1 በመቶ እየበላህ ነው፤ ስትጀምር 5 አልነበር?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየው ቁጥር ይህ ነው። የሒሳቡ መጠን ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የዓመቱ ወጪ ከዛሬው ሒሳብ ስንት እጅ እንደሆነ ግን ችግሩን ቀድሞ ያሳያል። 6ን ሲያልፍ ወጪ ይቆረጣል ብለን ወሰንን።

ወርሃዊውን ወደ 1,900 አወረድነው፤ 4.7 በመቶ ሆነ። የዋጋ ንረቱን ጭማሪ ተውነው፣ ለገና ወደ አዲስ አበባ ልናደርገው የነበረውን ጉዞም አዘገየን። (ለእህቴ ልጅ ሠርግ የምንልከውን መቀነስ አልቻልንም፤ እሱን የሚያሰላ ቀመር ገና አልተገኘም።) አክሲዮን መሸጥ ሙሉ በሙሉ አቁሜ 1,900ውን ከቦንዱ ብቻ አወጣሁ፤ ቦንዱም ቢጎዳ ጉዳቱ አነስተኛ ነበር። እኔም በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ። ብዙዎች ሶሻል ሴኩሪቲውን ወዲያው ጀምር ብለውኝ ነበር። በ1960 ለተወለደ ሰው በ62 መጀመር ክፍያውን ዕድሜ ልክ በ30 በመቶ ይቀንሰዋል፤ ለጊዜያዊ ችግር ዘላቂ ቅነሳ መቀበል ስላልፈለግሁ ሁለቱን ቀን ሥራ መረጥኩ። ጤና ለሌለው ሰው ምርጫው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በጥቅምት አክሲዮኑ ከጥር ወሩ ከፍታ 25 በመቶ ወርዶ ነበር። አንድ ወዳጄ ደውሎ «ጋሼ፣ ሁሉንም ሸጬ ተገላገልኩ» አለኝ። በቀጣዩ ዓመት አክሲዮኑ 26 በመቶ ሲወጣ እሱ ውጭ ነበር። ይህ ክፉው ዓመት ቀድሞ የመምጣቱ ጥፋት አይደለም፤ ኪሳራውን በገዛ እጅ ማጽናት ነው።

የዓመታቱ ቅደም ተከተል ብቻውን ስንት እንደሚያስከፍል ለማየት በኋላ አንድ ስሌት ሠራሁ። እንደ እኔ 60 በ40 ለተከፈለ ሒሳብ የ2022፣ የ2023 እና የ2024 ውጤት በግምት 16 በመቶ ኪሳራ፣ 18 በመቶ ትርፍ፣ 15.5 በመቶ ትርፍ ነው። ምንም ሳይወጣ ቢቀመጥ 600 ሺሁ በሦስቱ ዓመት 687 ሺህ ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም መልሱ ያው ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ 30 ሺህ ሲወጣ ግን፣ ኪሳራው ከቀደመ 577 ሺህ ይቀራል፣ ኪሳራው መጨረሻ ላይ ከመጣ 598 ሺህ። ልዩነቱ ወደ 21 ሺህ ነው፤ ከስምንት ወር ወጪ በላይ። ይህም ገበያው ቶሎ ስላገገመ ነው። በ2000 ጡረታ የወጡት አክሲዮኑ በተከታታይ 9፣ 12 እና 22 በመቶ ሲወርድ አይተዋል። በ2023ም ቢወርድ ኖሮ 1,900ውም ይበዛብኝ ነበር።

ዛሬ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የሁለት ዓመት ወጪውን በአጭር ጊዜ የመንግሥት የዕዳ ሰነዶች ያስቀምጥ እላለሁ፤ ለእኔ 60 ሺህ ማለት ነበር። ዕድሜያቸው የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ወለድ ሲጨምር ዋጋቸው እንደ ቦንድ ፈንዱ አይንኮታኮትም። ከዚያ በላይ መያዝ ግን በዋጋ ንረት መበላት ነው። አክሲዮኑ ሲወርድ ከዚያ ይበላል፣ ሲያገግም ይሞላል።

እኔ አክሲዮን እንደገና መሸጥ የጀመርኩት መለኪያው በጥር 2024 የድሮ ከፍታውን ሲያልፍ ነው። ያን ወር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፦ በአንዱ ያወጣሁት ዶላር፣ በሌላው የተሸጠው ድርሻ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ዓምድ «በጎቹ» ትለዋለች፤ በየወሩ መጀመሪያ «ስንት በግ ሄደ?» ብላ ትጠይቀኛለች።