የ«ሊ»ን እግር ማን በላው?

ሦስት ሳምንት ያቃጠልኩት ማካፈል ላይ በሚጣል ትርፍ ምክንያት ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

በእጅ የተጻፈ ፊደል የሚለይ ትንሽ ሞዴል እየሠራሁ ነበር። አራት ቤት ብቻ መረጥኩ፦ ለ፣ ሰ፣ በ፣ ከ። ሰባት ሰባት ሲሆኑ 28 ፊደል። ሰዎች ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። በስልክ አነሳሁት፣ እያንዳንዱን ፊደል ጠርዙ ድረስ አስጠግቼ ቆረጥኩት፣ ወደ 32 በ32 ፒክስል አሳነስኩት። ቀለሙ 1፣ ነጩ 0። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። («አስጠግቼ ቆረጥኩት» የምትለዋን ግን ያዙልኝ።)

የኮንቮሉሽን ሌየር ሥራው ቀላል ነው። ፊልተር የሚባል ትንሽ የቁጥር ሰንጠረዥ ይይዝና ከላይ ግራ ጥግ ጀምሮ ምስሉ ላይ ያንሸራትተዋል። በየቆመበት ቁጥሮቹን ከሥሩ ካሉት ፒክስሎች ጋር እያባዛ ይደምራል። 3 በ3 የሆነ ፊልተር እንውሰድ፤ የግራው ዓምድ -1፣ የመሃሉ 0፣ የቀኙ 1። ነጭ ቦታ ላይ ቢያርፍ ድምሩ 0 ነው። ሙሉ ጥቁር ላይም 0 ነው። የ«ለ» እግር የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ግራው ነጭ፣ ቀኙ ጥቁር ስለሆነ 3 ይወጣል። ፊልተሩ «እዚህ ጋ ቋሚ መስመር ይጀምራል» አለ ማለት ነው። ቁጥሮቹን እኛ አንጽፋቸውም፤ ሞዴሉ ሲሠለጥን ራሱ ያገኛቸዋል። ሁለተኛው ሌየር ደግሞ የመጀመሪያውን ውጤት እያየ ጠርዞቹን ያገጣጥማል፤ እግር፣ ከእግሩ ሥር ቅጥያ፣ ቀለበት።

የእኛ ፊደል ጣጣው እዚህ ጋ ነው። በግዕዙ «ለ» እና በሣልሱ «ሊ» መካከል ያለው ልዩነት ቀኝ እግር ሥር ያለች አጭር ሰረዝ ናት። ኃምሱ «ሌ» ላይ ሰረዟ ቀለበት ትሆናለች። በ፣ ቢ፣ ቤም ያው ናቸው። ሁሉም ነገር ያለው ከታች በስተቀኝ ነው።

የሞዴሌ አሠራር ይህ ነበር፦ 5 በ5 ፊልተር በስትራይድ 2፣ ከዚያ ከየ2 በ2 ቁጥሮቹ ትልቁን ብቻ የሚያስቀር ማክስ ፑሊንግ፣ ከዚያ 3 በ3 ፊልተር፣ ከዚያ እንደገና ፑሊንግ። ፓዲንግ፣ ማለትም በምስሉ ዙሪያ የሚጨመር የዜሮ ጠርዝ፣ የለም። ስትራይድ ማለት ፊልተሩ በአንድ ጊዜ ስንት ፒክስል እንደሚራመድ ነው። ትልቅ እርምጃ የወሰድኩት «ትላልቆቹም እንዲህ ያደርጋሉ» ብዬ ነው፤ የ2012ቱ አሌክስኔት መጀመሪያው ላይ 11 በ11 ፊልተር በስትራይድ 4 ይጠቀማል። እሱ ግን ከ200 ፒክስል በላይ በሆነ ፎቶ ላይ ነው። እኔ 32 ፒክስል ይዤ!

ስሮጠው እንዲህ አለኝ፦

```
mat1 and mat2 shapes cannot be multiplied (64x128 and 512x28)
```

በእኔ ግምት መጨረሻ ላይ 4 በ4 የሆኑ 32 ካርታዎች፣ የየፊልተሩ ውጤት ሰንጠረዦች፣ ይቀራሉ፣ ማለትም 512። የመጣው 128 ነው፤ 2 በ2 ብቻ ቀርቷል። ሰው የሆነ ሰው «ለምን?» ይላል። እኔ 512ን አጥፍቼ 128 ጻፍኩና ስህተቱ ጠፋ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ማሽኑ በግልጽ ነግሮኝ ነበር፤ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ሠለጠነ። ላና ሎ በደንብ ተለዩ። ከሊዎቹ ግን ከግማሽ በላዩን «ለ» ይላቸዋል። ሌም እንደዚያው። የሚያማክረኝ ሰው ኮዱን ሳያይ «ዳታ ጨምር» አለኝ። ጨመርኩ። ሦስት ሳምንት ወረቀት ይዤ ሰው ስለምን ከረምኩ። አንዲት አክስቴ 40 ጊዜ «ሊ» ጽፈውልኝ «ልጄ፣ ይህ ትምህርት ነው?» ብለውኛል። ውጤቱ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። የአንድ ሌየር ውጤት መጠን የሚሰላው እንዲህ ነው፦

```
out = floor((n + 2*p - k) / s) + 1
```

n የገባው ስፋት፣ p በየጎኑ የሚጨመረው ፓዲንግ፣ k የፊልተሩ ስፋት፣ s ስትራይዱ ነው። የመጀመሪያው፦ ከ32 ላይ 5 ሲቀነስ 27፣ ለ2 ሲካፈል 13.5። floor ግማሿን ይጥላታል፤ 13 ሲደመር 1፣ 14። ያቺ የተጣለችው ግማሽ ባዶ ቁጥር አይደለችም። ፊልተሩ ሌላ ሁለት ፒክስል ልራመድ ሲል ከምስሉ ስለሚወጣ ቆሟል ማለት ነው። የመጨረሻውን ዓምድ ማንም አላየውም።

ፑሊንግ 14ን 7 ያደርገዋል፤ ምንም አይተርፍም። ሁለተኛው ፊልተር 7ን 5 ያደርጋል። ከዚያ የመጨረሻው ፑሊንግ አምስቱን ዓምዶች ሁለት ሁለት እያደረገ ትልቁን ቁጥር ይወስዳል። አንደኛና ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ። አምስተኛው ጓደኛ ስለሌለው ተጣለ። የምስሉን ቀኝ ዳር የሚያየው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ስሄድ፣ የተረፉት አራቱ ከግራ 27 ዓምድ ድረስ ብቻ ነው የሚያዩት። በቀኝ 5 ዓምድ፣ ከታች 5 ረድፍ፣ ለሞዴሉ የሉም። ጠርዙ ድረስ አስጠግቼ የቆረጥኩት የ«ሊ» ቅጥያ የተቀመጠው እዚያ ነው!

አላመንኩም፤ በዚህ አረጋገጥኩ፦

```python
x = torch.randn(64, 1, 32, 32, requires_grad=True)
net.features(x).sum().backward()
print((x.grad.abs().sum(0)[0] > 0).tolist())
```

ውጤቱ ላይ ቅንጣት ተጽዕኖ የሌለው ፒክስል False ይላል። ቀኝና ታች ጠርዙ፣ አምስት አምስት መስመር፣ False ብቻ። ግራና ላይኛው በኩል ደህና ነው፤ ጉዞው የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ትርፉ ሁሌ የሚጣለው ከቀኝና ከታች ነው። አሁን አዲስ ሞዴል ስሠራ ከሥልጠና በፊት እነዚህን ሦስት መስመሮች ሳላስሮጥ አላልፍም።

ብዙ ማስተማሪያ ፓዲንግን «መጠኑ እንዳይቀንስ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። ዙሪያውን ዜሮ የምንጨምረው ፊልተሩ ጠርዙ ላይ በደንብ እንዲቆም ነው፤ መጠኑ የዚያ ውጤት ነው። አንድ ወዳጄ `ceil_mode=True` ፑሊንጉ ላይ ጨምር ብሎኝ ነበር። ያ የተጣለውን አምስተኛ ዓምድ ይመልሳል፤ መጀመሪያ ላይ የጠፋውን የመጨረሻ ፒክስል ግን አያመጣም። ማስታገሻ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ስትራይድ 1፣ ፓዲንጉን 2 አደረግኩ፤ 32 ገባ፣ 32 ወጣ። ፑሊንግ 16 አደረገው። ሁለተኛው ፊልተር በፓዲንግ 1 በ16 አቆየው። ፑሊንግ 8። ምንም ትርፍ የሚጣል የለም። ዋጋው አለው፤ የመጨረሻው ሌየር የሚቀበለው ከ128 ወደ 2048 አደገ፣ 16 እጥፍ። በ32 ፒክስል ምስል ላይ ግን ላፕቶፔ እንኳ አላማረረም። በዚያ ላይ ፊደሉን ስቆርጥ ዙሪያውን 4 ፒክስል ነጭ መተው ጀመርኩ።

የድሮውን ዳታ ብቻ ተጠቅሜ እንደገና አሠለጠንኩት። ሊና ሌ ተለዩ። አሁን የሚሳሳተው በጥቂት ኪዎች ላይ ነው፣ «ከ» ይላቸዋል። አውጥቼ አየኋቸው። እኔ ራሴ የጻፍኳቸው ናቸው፤ እኔም «ከ» ብዬ ነው ያነበብኳቸው።