ቲቪ ከመስቀላችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት

55 ኢንች ቲቪዬ በተሰቀለ በሶስተኛው ቀን ማታ ከነብራኬቱ ተነቅሎ ወደቀ። ልጄ ከአስር ደቂቃ በፊት እዛው ስሩ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ነበር፣ እናቱ ለእራት ባትጠራው ኖሮ ምን እንደሚሆን እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የሳሎኑ ግድግዳ 15 ሳንቲ ብሎኬት ሆኖ በላዩ ተለስኗል። የገዛሁት ብራኬት ወደ ፊት የሚሳብና የሚዞር ባለ ክንድ ነው። ከቲቪው ጀርባ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ከብራኬቱ ጋር መግጠማቸውን ለክቼ አይቻለሁ፣ እዛ ላይ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ሲበሳ ነው። ቲቪውን የሸጠልኝ ሱቅ የላከው ልጅ ድሪሉን ሀመር ላይ አድርጎ በ10 ፑንታ ሲጀምር ትንሽ ታገለና ድንገት ቦጭ ብሎ ገባለት። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ እንዴት ፈጠነ ብዬ ደስ አለኝ! ያ ድንገት መግባት እኮ ፑንታው የብሎኬቱን ባዶ ሆድ እንዳገኘ የሚናገር ምልክት ነበር፣ እዛው ማስቆም ነበረብኝ። ፊሸሩን ከተተ፣ ቪቴው ሲጠብቅ ዝም ብሎ ዞረበት፣ እንጨት ሰንጥቆ ፊሸሩ ውስጥ ቀረቀረና "አሁን ያዘ፣ አይነቃነቅም" አለኝ። አመንኩት። በዚህ በራሴ እስካሁን እናደዳለሁ።

ከወደቀ በኋላ ቀዳዳውን በስልክ መብራት አየሁት። ከውጪ አንድ ሳንቲ የነበረው ቀዳዳ ከውስጥ እንደ ቡና ስኒ አፍ ሰፍቷል። የብሎኬት ፊት ከባዶው በፊት ያለው ውፍረት ሶስት ሳንቲ አይሞላም፣ ሀመሩ ሲደበድበው ከጀርባው በኩል ይረግፋል፣ ከፊት ግን ምንም አይታይም። ልስኑ ደግሞ ብቻውን ሁለት ሳንቲ ተኩል ነበር። ስለዚህ የፊሸሩ ግማሽ ልስን ውስጥ፣ የቀረው ባዶ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ፊሸር ደግሞ የሚይዘው ተነፍቶ ጎኑ ያለውን ጠንካራ ነገር ሲገፋ ነው።

ታዲያ ሶስት ቀን እንዴት ቆየ ብዬ ራሴን ጠየቅኩና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቲቪው 15 ኪሎ ነው፣ የብራኬቱ የላይና የታች ቪቴዎች በ22 ሳንቲ ይራራቃሉ። ክንዱ ታጥፎ ቲቪው ከግድግዳው 6 ሳንቲ ሲርቅ የላይኞቹን ቪቴዎች ወደ ውጪ የሚስባቸው ኃይል 15 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ22፣ አራት ኪሎ ገደማ ነው። ያን ማታ ግን ከምግብ ጠረጴዛው እንድናይ ብዬ ወደ 44 ሳንቲ ሳብኩት፣ ያው ቲቪ የላይኞቹን በ30 ኪሎ ጎተታቸው ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ "እስከ 30 ኪሎ" የሚለው የብራኬቱን ብረት አቅም ነው፣ ስለ እናንተ ግድግዳ ምንም አያውቅም። ሱቁ ስደውል መውደቅ ዋስትና ውስጥ አይገባም አለኝ፣ የሰቀለው ልጅ "ግድግዳው ነው" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ግድግዳው መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፣ ግድግዳውን ማየት የማን ስራ ነበር?

ሁለተኛውን ራሴ ሰቀልኩ። ገንዘብ ስላልነበረኝ 43 ኢንች ገዛሁ፣ 9 ኪሎ ገደማ ናት። ብራኬቱ አልተጎዳም ነበር፣ እሱኑ ተጠቀምኩ። በዚህ ጊዜ ውስጡ ባዶ ያልሆነውን የኮንክሪት ምሰሶ፣ ኮለኑን፣ ፈልጌ ነው የጀመርኩት። የሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው ኮለን በልስን ስለተሸፈነ አይለይም፣ ግን ደረጃው ጋ ወጥቼ ከውጪ የት እንዳለ አየሁና ከጥጉ ለካሁ። ከዛ በሳንቲም ከግራ ወደ ቀኝ እያንኳኳሁ ሄድኩ፣ ብሎኬቱ እንደ ባዶ ጀሪካን ድም ድም ይላል፣ ኮለኑ ጋ ስትደርስ ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል። የተቀየረበትን በእርሳስ አሰመርኩ። ድምፅ ብቻ ግን አትመኑ፣ ልስኑ ከግድግዳው ተላቆ ከሆነ ኮለን ላይም ባዶ ይመስላል። ስለዚህ ብራኬቱ የሚሸፍነው ቦታ ላይ በ5 ፑንታ ያለ ሀመር ሞከርኩ። ልስኑ ቶሎ አለፈ፣ ከዛ ፑንታው እምቢ አለ፣ በሀመር ስቀጥል እኩል እየከበደ ሰባት ሳንቲ ድረስ አንዴም ሳይሰምጥ ሄደ። ኮለን ማለት ይሄ ነው።

ከመብሳቴ በፊት ብሬከሩን አጥፍቼ ለድሪሉ ከጎረቤት በኤክስቴንሽን መብራት ወሰድኩ። ገመዱ ልስን ስር ነው የሚሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። በዛ መስመር ላይ፣ ላይም ሆነ ታች፣ አትብሱ።

ሶስተኛው ቀዳዳ ላይ ድሪሉ ጮኸና ቆመ፣ የሚወጣው ዱቄትም ብረት ብረት የሚያብለጨልጭ ነበር። ፌሮ ነው። አንዳንዱ በብረት ፑንታ ብሳው ይላል፣ እኔ አልስማማም፣ ያ ፌሮ ቤቱን የያዘ ነው። ብራኬቱን እንዳለ ሶስት ሳንቲ ዝቅ አድርጌ፣ በውሃ ልክ አይቼ እንደገና በሳሁ። ከኮለኑ ጠርዝም ስድስት ሳንቲ ያህል ራቁ፣ አለዚያ ፊሸሩ ሲነፋ ጠርዙን ይሰነጥቀዋል።

ከብራኬቱ ጋር የመጣው ወረቀት 60 ሚሊ ብሱ ይላል፣ ቪቴውም ለሱ የተሰራ ነው። አልተጠቀምኩበትም። 25 ሚሊውን ልስን ሲበላው ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ሶስት ሳንቲ ተኩል ብቻ ነው። ባለ 10 ሚሊ ፊሸር 80 ሚሊ ርዝመት ያለው፣ ከሱ የሚረዝም ቪቴ ጋር ገዛሁ። የቀዳዳውን ዱቄት በጎማ መንፊያ ፓምፕ ነፍቼ አወጣሁ (መነጽር አድርጉ፣ ዓይን ውስጥ ይገባል)፣ ዱቄት ካለ ፊሸሩ ይንሸራተታል። ቪቴው ሲጠብቅ እየከበደ መጥቶ ቀጥ ማለት አለበት። ዝም ብሎ ከዞረ ያ ቀዳዳ ሞቷል፣ እንጨትም ክብሪትም አትቀርቅሩበት፣ ሌላ ቦታ ብሱ።

ቲቪውን ግን ወዲያው አልሰቀልኩም። የብራኬቱን ዙሪያ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ሳብኩና ጫፉ ላይ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስሬ አሳደርኩት፣ ስሩም ማንም እንዳይሄድ ሶፋውን ገፋሁበት። የላይኞቹ ቪቴዎች በ40 ኪሎ ተስበው አደሩ ማለት ነው። ጠዋት ብራኬቱ ከእርሳሱ መስመር አልተነቃነቀም፣ ከላይ በኩልም ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። ያኔ ነው ቲቪውን የሰቀልኩት።

ኮለን ከሌላችሁ ባለ ክንድ ብራኬት ብሎኬት ላይ አትስቀሉ። ከግድግዳ ጋር የሚጣበቀውን ጠፍጣፋ ግዙና፣ ከጀርባ ያለው ክፍል የራሳችሁ ከሆነ ግድግዳውን ያለ ሀመር እስከ ወዲያ ማዶ በስታችሁ ረጅም ብሎን አሳልፉ፣ ማዶ ላይ ሮንዴላ ብቻ ሳይሆን መዳፍ የሚያህል ላሜራ አድርጋችሁ እሰሩት። ስታጠብቁ ላሜራው ግድግዳውን እንደነካ ሩብ ዙር ጨምራችሁ አቁሙ፣ ከዛ ካለፋችሁ ብሎኬቱ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል።