በሰፈር ሱቅ እቅድ ውስጥ ብሩ የት እንደሚቆም፦ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና የዕቃ ዙር ስሌት

ለትንሽ ሱቅ በሚዘጋጁ እቅዶች ላይ «መነሻ ካፒታል» የሚል መስመር አይጠፋም። ገንዘቡ ለመደርደሪያ፣ ለፍሪጅ፣ ለኪራይ ቅድሚያ ክፍያና ለዕቃ መግዣ ይከፋፈላል። ዕቃ የተገዛበት ብር በስንት ቀን ተመልሶ መሳቢያ እንደሚገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሥር ለሚከፈት የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ እቅድ ሳዘጋጅ የተነሳሁት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ስሌቱ በቀላሉ እንዲታይ ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ አካሄዱን እንጂ ዋጋውን አትውሰዱ።

በመጀመሪያ ዕቃውን በሚወጣበት ፍጥነት ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ፈጣኑ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና የታሸገ ውሃ ነው። መካከለኛው ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሳሙና፣ ሶፍትና ብስኩት ነው። ዘገምተኛው ደግሞ ሻምፑ፣ ቅባት፣ ባትሪ፣ አምፖልና የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ለእያንዳንዱ ምድብ ሁለት ቁጥር ብቻ ያዝኩ፦ በወር የሚሸጠው ዕቃ በመግዣ ዋጋው ስንት ብር እንደሆነ፣ እና መደርደሪያ ላይ በአማካይ የሚቀመጠው ዕቃ በመግዣ ዋጋው ስንት ብር እንደሆነ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሳካፍል ዕቃው በወር ስንት ዙር እንደሚዞር አገኛለሁ።

ሁለቱም በመግዣ ዋጋ መሆናቸው ግድ ነው። ሽያጩን በመሸጫ ዋጋ፣ ክምችቱን በመግዣ ዋጋ የያዘ ሰው ዙሩን አግዝፎ ያየዋል፤ ይበልጥ የሚያታልለው ደግሞ ብዙ ትርፍ የሚጨመርበት ዘገምተኛ ዕቃ ላይ ነው። አማካዩን ለማግኘትም የአንድ ቀን ቆጠራ አይበቃም። መርካቶ ከመሄዳችሁ በፊት ብትቆጥሩ መደርደሪያው ባዶ ይመስላል፤ በማግስቱ ብትቆጥሩ ሙሉ ነው። በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ቆጥሮ የአራቱን ሳምንት አማካይ መውሰድ ይሻላል።

ውጤቱ እንዲህ ወጣ። ፈጣኑ ምድብ በወር 120,000 ብር መግዣ ያለው ዕቃ ይሸጣል፤ ክምችቱ 20,000 ብር ስለሆነ 6 ጊዜ ይዞራል። መካከለኛው 60,000 ብር ሸጦ 30,000 ብር ይይዛል፤ 2 ዙር ማለት ነው። ዘገምተኛው የሚሸጠው 18,000 ብር ብቻ ሆኖ 30,000 ብር ይዞ ይቀመጣል፤ በወር አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፣ 0.6 ነው።

አሁን ትርፉን እንጨምርበት። በስኳርና በዘይት ላይ የሚጨመረው 8 በመቶ ነው፤ በፓስታና በሳሙና ላይ 18 በመቶ፣ በሻምፑና በባትሪ ላይ 35 በመቶ። ባለሱቅ ሁሉ ሻምፑን የሚወደው ለዚህ ነው። ነገር ግን የትርፉን መቶኛ በዙሩ ብዛት ስናባዛው፣ ዕቃ ላይ የዋለ አንድ ብር በወር የሚያመጣው ጥቅል ትርፍ ይገኛል። ፈጣኑ 48 ሳንቲም፣ መካከለኛው 36 ሳንቲም፣ ዘገምተኛው 21 ሳንቲም። ትንሽ ትርፍ ያለው ስኳር ብሩን ከሻምፑ እጥፍ በላይ ያሠራዋል። በእቅዱ ላይ ከወሰንኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ የተነሱት ከዚህ ቁጥር ነው።

ይህ ማለት ሱቁን በስኳር ብቻ ሙሉት ማለት አይደለም። የሰፈሩ ፍላጎት ጣሪያ አለው፤ በቀን 4,000 ብር የሚያወጣ ፈጣን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ክምችቱን እጥፍ ቢያደርገው ሽያጩ እጥፍ አይሆንም፤ ዙሩ ብቻ ይወርዳል። ደንቡ ሌላ ነው፦ ፈጣኑ ዕቃ ምንጊዜም እንዳያልቅ መጠበቅ፣ የተረፈውን ለመካከለኛው መስጠት፣ ዘገምተኛውን ደግሞ ከየዓይነቱ ጥቂት ፍሬ ብቻ መያዝ።

የሱቁ መክፈቻ ቀን ላይ ይህ ደንብ ይበልጥ ያስፈልጋል። 80,000 ብር የሦስቱ ምድቦች አማካይ ክምችት ድምር ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ጥግ ድረስ ሲሞላ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ፈጣኑን በየ6 ቀኑ እገዛለሁ፣ የ2 ቀን መጠባበቂያም እይዛለሁ ካልኩ፣ ከግዢ በኋላ መደርደሪያው ላይ የሚኖረው የ8 ቀን ዕቃ፣ ማለትም 32,000 ብር ነው። ስለዚህ ለመክፈቻው ፈጣኑን ሙሉ በሙሉ፣ መካከለኛውን በአማካዩ ልክ፣ ዘገምተኛውን ግን ከአማካዩ ግማሽ በታች አድርጌ ያዝኩ። በየቀኑ መርካቶ መመላለስም መፍትሔ አይሆንም። የጫኝና የመኪና ወጪ 600 ብር ቢሆን፣ የአንድ ቀን ዘይትና ስኳር የሚያስገኘው ትርፍ 320 ብር ነው፤ ትራንስፖርቱ ትርፉን በልቶ ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ዱቤው ይመጣል። የሰፈር ሱቅ ያለ ዱቤ ደብተር አይሠራም፤ ስለዚህ በእቅዱ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የወሩ ሽያጭ በመሸጫ ዋጋ 225,000 ብር ገደማ ነው። አንድ አምስተኛው በዱቤ ሄዶ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፈል ከሆነ፣ በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ላይ 45,000 ብር ይቆማል። የገዛሁበት ዋጋ ብቻ ሲወሰድ 40,000 ብር ገደማ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አማካዩን፣ 20,000ውን ይይዛል። ነገር ግን ዕቃ የሚያልቀው፣ ገንዘብም የሚያጥረው ዱቤው ጫፍ ላይ በደረሰባቸው የመጨረሻ ቀናት ነው፤ ስለዚህ የያዝኩት ጫፉን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ስለሚከፈለው ዱቤው በሁለት ሞገድ ይመለሳል። ሁለቱም ዓይነት ደንበኛ ያለው ሱቅ ጫፉ ዝቅ ይልለታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለ ሱቅ ግን ይህ ዕድል የለውም።

በዱቤ በብዛት የሚወሰደው ደግሞ ዘይትና ስኳር፣ ትርፉ አነስተኛ የሆነው ዕቃ ነው። 1,000 ብር ዱቤ ሳይከፈል ቢቀር የጠፋው መግዣ 926 ብር ነው። ያንን በ8 በመቶ ትርፍ ለመመለስ 12,500 ብር የሚያወጣ ዘይትና ስኳር መሸጥ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የዱቤ ጣሪያ ያስቀመጥኩት በዚህ ስሌት ነው።

እንግዲህ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ሲደመር፦ ክምችት 80,000፣ ዱቤ 40,000፣ ለመልስና ለድንገተኛ ግዢ በእጅ 10,000፣ ለአንድ ወር ኪራይ፣ ለረዳት ደመወዝና ለመብራት 17,000። ጠቅላላው 147,000 ብር ነው። አከፋፋዮች ለታወቀ ሱቅ ብስኩትና ሳሙና በሳምንት ክፍያ ያደርሳሉ፤ ይህ 7,000 ብር ያህል ሊቀንስ ይችላል። ለአዲስ ሱቅ ግን ማንም ወዲያው ስለማያምን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዜሮ አድርጌዋለሁ። እቁብንም በተመሳሳይ መንገድ ያዝኩት፤ መዋጮው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጪ ነው፣ ዕጣው ግን በመጨረሻው ዙር እንደሚደርስ ተቆጥሯል። ቀድሞ ከወጣ እሰየው።

የዓመቱ ከባድ ወቅት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ነው። ጳጉሜ የራሷ ደመወዝ የላትም፤ የነሐሴው ደመወዝ 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36 ቀን ይዘረጋል። በዚህ ላይ እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ክፍያ ይደረባሉ። የዱቤው ጫፍ በ5 ቀን መርዘሙ ብቻ 7,000 ብር ገደማ ይጨምራል። በበዓሉ ሳምንት የፈጣኑ ምድብ ሽያጭ በግማሽ ቢያድግ ሌላ 14,000 ብር ይፈልጋል። ይህ 21,000 ብር በሰኔና በሐምሌ ካልተጠራቀመ በነሐሴ ከየት ይመጣል? በሌላ በኩል በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተትና የቅቤ ዙር ስለሚወድቅ፣ የእነሱን ግዢ ከቅበላ በፊት በነበረው ወር አማካይ መወሰን ፍሪጅ ውስጥ የሚበላሽ ዕቃ ማስቀመጥ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚያስፈልገው የዋጋ ንረት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በአንድ ግዢና በሚቀጥለው መካከል ሊለወጥ እንደሚችል ባለሱቅ ሁሉ ያውቃል። ባለ5 ሊትሩን ዘይት በ1,000 ገዝቼ በ1,080 ብሸጥ፣ ሂሳቡ 80 ብር ትርፍ ይላል። አከፋፋዩ በሚቀጥለው ሳምንት 1,100 ካለ ግን ያንኑ ዘይት መልሶ ለመግዛት 20 ብር ይጎድላል። 20 ጀሪካን ሸጦ 19 ብቻ መግዛት ማለት ነው፤ ኪራይ ገና አልተከፈለም። ብሩን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን አያይም፣ ምክንያቱም የብሩ መጠን አልቀነሰም። ስለዚህ ለፈጣኑ ምድብ በመዝገቡ ላይ የጀሪካንና የኪሎ ዓምድ ጨመርኩ፤ ብሩ ባለበት ቆሞ ፍሬው ከቀነሰ የመሸጫ ዋጋው ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ዋጋ የሚወጣውም በገዛሁበት ሳይሆን በሚቀጥለው የመግዣ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው።

«ይጨምራል» ተብሎ ስኳር ማከማቸትስ? ትርፍ ገንዘብ ካለ ሊታሰብ ይችላል። ከፓስታና ከሳሙና ተነስቶ ከሆነ ግን ያዋጣል አልልም። 20,000 ብር በመካከለኛው ምድብ ሁለት ወር ሲሠራ 14,400 ብር ጥቅል ትርፍ ያመጣል፤ ስኳሩ በሁለት ወር 10 በመቶ ቢጨምር የሚገኘው 2,000 ብር ነው።

ለክትትሉ በየወሩ የማየው የእያንዳንዱን ምድብ የቀን ቁጥር ነው፤ ክምችቱን ለቀን ሽያጭ በመግዣ ዋጋ ማካፈል ነው። ፈጣኑ ከ5 ቀን፣ መካከለኛው ከ15፣ ዘገምተኛው ከ50 ሲያልፍ የትኛው ዕቃ እንደቆመ በስሙ እፈልጋለሁ። 90 ቀን የቆመ ዕቃ በመግዣ ዋጋው ይሸጥ ብዬ እቅዱ ላይ ጽፌያለሁ። በ100 ብር የተገዛ ሻምፑ ያለ ትርፍ ሲወጣ 35 ብር የቀረ ይመስላል። ፓስታ በሚያልቅበት ሱቅ ግን ያ 100 ብር መካከለኛው ምድብ ውስጥ ሲገባ በአንድ ወር 36 ብር ያመጣል።