የዘጌ ምልክቶች ሁሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለምን ሸሹ?

በዚህ ሰሞን የያዝኩት ሥራ የዘጌን ገዳማትና በጣና ዙሪያ ያሉ የጀልባ መቆሚያዎችን በካርታ ላይ ማስፈር ነው። ዝርዝሩን የሰጠኝ አንድ ወዳጄ ሲሆን፣ አብዛኞቹን የቦታ ቁጥሮች ያነበባቸው ከድሮው 1:50,000 የወረቀት ካርታ ነው። ወደ ኮምፒውተር ሳስገባቸው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ምልክት ጫካው ውስጥ አረፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ክብ ጣሪያ ግን በሳተላይት ምስሉ ላይ ከምልክቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፈንጠር ብሎ ይታያል።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙዎቻችን ምልክቱን ጎትተን ጣሪያው ላይ አስቀምጠን እናልፋለን። እኔ ግን ከመጎተቴ በፊት መለካት እመርጣለሁ። ስህተት ርቀትና አቅጣጫ አለው፤ ሁለቱ ከታወቁ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በማስመሪያው ስለካ ጣሪያው ከምልክቱ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ዞሬ በሐይቁ ዳር ያለውን የጀልባ መቆሚያ አየሁ። እሱም ወደ ከተማው ገብቶ የቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ልዩነቱም ያው ነው። ሌሎቹም እንደዚያው። ሁሉም ነጥብ በአንድ አቅጣጫና በእኩል ርቀት ከተንሸራተተ ጥፋቱ የአንባቢው ዓይን አይደለም፤ ቁጥሮቹ የተነሡበት ስሌት ነው።

የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም ቦታዎች በቁጥር በሚለኩበት መነሻ ስሌት ነው። ይህ የምድርን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1880 ክላርክ ባወጣው ልኬት የሚወስድ ሲሆን፣ ስልካችንና የሳተላይት ምስሎቹ የሚጠቀሙት ግን WGS 84 የተባለውን ሌላ ዳተም ነው። ከወረቀቱ የተነበበው የሜትር ቁጥር ምንም ሳይለወጥ ወደ አዲሱ ሲገባ፣ በእኛ አካባቢ ነጥቡ ልክ ከላይ በለካሁት መጠን ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። መፍትሔው እያንዳንዱን ምልክት መጎተት አይደለም። QGIS በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ የነጥቦቹን መነሻ በአዲንዳን መለያ ቁጥር EPSG:20137 ብሎ መንገር፣ ከዚያም ወደ WGS 84 መለያ ወደ EPSG:32637 ማስለወጥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደየቦታቸው ተነሥተው ሄዱ።

ጥቂት ነጥቦች ግን የመጡት ከስልክ ስለሆነ ጠባያቸው ሌላ ነበር። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምዕራብ፣ ርቀታቸውም የተለያየ። ቁጥራቸውን ስመለከት 11.59 እና 37.39 ብለው ያበቃሉ። በኬክሮስ 0.01 ዲግሪ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ የያዘ ምልክት አንድን ሰፈር እንጂ አንድን በር ሊያሳይ አይችልም። አምስት አኃዝ ሲኖረው ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። 11 ዲግሪ ከ35 ደቂቃን 11.35 ብሎ የጻፈም አለ፤ ትክክለኛው 11.583 ስለሆነ ምልክቱ 26 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወርዷል። ኬክሮስና ኬንትሮስ የተቀያየሩበት ደግሞ ከቱኒዚያና ከሲሲሊ መካከል ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ስላገኘሁት ቢያንስ ለመለየት አላስቸገረም።

ምስሉም ቢሆን ሁልጊዜ ታማኝ ምስክር አይደለም። ከአንድ ጊዜ ምስል ወደ ሌላ ስሻገር ያው ሕንፃ ጥቂት ሜትሮች ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በGoogle Earth የቆዩ ምስሎችን እያገላበጥኩ፣ በእግር ተሄዶ በስልክ ከተመዘገበ የመንገድ መስመር ጋር ጉልህ በሆነ መስቀለኛ መንገድ ላይ አስተያያቸዋለሁ። ሳተላይቱ አዘንብሎ ካነሣው ረጅም ሕንፃ ጣሪያው ወደ ጎን ስለሚጋደም መለኪያዬ የሕንፃው እግር ነው። የምስሉን ዕድሜ ለመገመት እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተሠርቶ ካልታየ ምስሉ የቆየ ነው፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነገርም እዚያ ላይ አይፈለግም።

ለማነጻጸሪያ ፈጽሞ የማልጠቀምበት የሐይቁን ዳርቻ ነው። ጣና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ሜዳማ በሆነው ዳርቻ የውኃው ከፍታ ጥቂት ሲቀንስ ብዙ መሬት ይገለጣል። በበጋ ምስል ደረቅ መሬት ላይ ያለ የጀልባ መቆሚያ በጥቅምት ምስል ውኃ ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ምልክቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለውን ነጥብ ከማንሣቴ በፊት የሁለቱንም ወቅት ምስል አያለሁ።

አሁን የቀሩኝ በዘጌ ጥቅጥቅ ዛፎች ሥር ያሉ መቆሚያዎች ናቸው። ከላይ የሚታየው ቅጠል ብቻ ስለሆነ ምስል አይረዳቸውም፤ በዛፉ ሥር የስልክ ጂፒኤስም ይዋዥቃል። ለእነዚህ ጀልባው ከመጠጋቱ በፊት ገላጣው ውኃ ላይ ሆኖ ነጥብ መውሰድና ወደ ዳር ያለውን ርቀት በዓይን ገምቶ መመዝገብ ይሻላል። በአጠገባቸውም «ያልተረጋገጠ» ብዬ ጽፌያለሁ።