ፊታቸው መስታወቱ ላይ ቀርቶ

እትዬ ከኮምቦልቻ ደሴ የመጡት ሌላ ፎቶ ቤት ከአሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ያሠሩትን ትልቅ ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልለው ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና፣ "ሥራው ጥሩ ነው። ግን ይቺ እናቴ አይደለችም" አሉኝ።

"ምኗ ነው የተበላሸው እትዬ?"

"እሱን አላውቅልህም ልጄ። ዓይኗን አየሁት፣ የሷ ነው። አፍንጫዋንም አየሁት፣ የሷ ነው። አንድ ላይ ሲሆን ግን እሷ አይደለችም።"

እንዲህ የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ምክንያቱን መፈለግ የባለሙያው ሥራ ነው። ኦሪጅናሉን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው፤ ከቦርሳቸው አወጡት። በ1960ዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ፣ 18 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቤተሰብ ፎቶ ነው። አባት ወንበር ላይ፣ እናት ከጎናቸው፣ ልጆቹ ከኋላ ቆመዋል። የእናትየው ፊት ቦታ ላይ ግን ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚታየው። የተረፈው ሻሹ፣ ግንባራቸው፣ የግራ ቅንድባቸውና አገጫቸው ነው።

የቁስሉን ጠርዝ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ውሃ ወይም ምስጥ የበላው አይመስልም፤ ተልጦ የተነሳ ነው። "ይሄ ከፍሬሙ ሲወጣ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ነበር?" አልኳቸው።

"አዎ። እዚያው ፎቶ ቤት ልጁ ሳብ ሲያደርገው ተላጠ። አርጅቷል አለኝ።"

"መስታወቱስ?"

"ምን ይሠራል ብሎ ጣለው መሰለኝ።"

ይሄን ስሰማ በጣም ተናደድኩ። እስካሁንም ሳስበው ያናድደኛል። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ወረቀቱ ላይ በተቀባው ስስ የጄላቲን ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። መስታወት ነክቶ ከሰነበተ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። የደሴን ጉምና ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጁ ወረቀቱን ሲስበው ፊቱ አልጠፋም፤ መስታወቱ ላይ ነው የቀረው። በመስታወቱ በኩል ሲያዩት ሳይገለበጥ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ይታያል። ያንን መስታወት ስካን አድርጎ ከቀረው ፎቶ ጋር መግጠም ይቻል ነበር። እትዬ እዚያው ቆመው ደወሉላቸው። ቆሻሻው ከተወሰደ ቆይቷል አሏቸው።

እንግዲህ የቀረው መንገድ ፊቱን ከሌላ ፎቶ ማምጣት ነው። የነበረው ሌላ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረ ጉርድ ፎቶ፣ ከቤተሰቡ ፎቶ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተነሳ። የመጀመሪያው ፎቶ ቤትም የተጠቀመው እሱኑ ነው። ጉርዱን አጠገቡ ሳስቀምጠው ስህተቱ ወዲያው ወጣ። የፊቱን ግራና ቀኝ ገልብጠውታል።

ለምን እንደገለበጡት ይገባኛል። በቤተሰቡ ፎቶ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከእኛ ከተመልካቾቹ በስተግራ ነው። የሁሉም አፍንጫ ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል። በጉርዱ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከቀኝ ነው። ፊቱን እንዳለ ብታስገባው ተለጥፎ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ፎቶሾፕ ላይ Flip Horizontal ብትለው ጥላው በአንድ ጠቅታ ይስተካከላል። ነገር ግን የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የእሳቸው የግራ ቅንድብ ከቀኙ ከፍ ያለ ነው። ሲገለበጥ ከፍታው ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ ብሶ ከኦሪጅናሉ የተረፈው እውነተኛው ቅንድብ ስላልገጠመላቸው ሸፈኑት! ራሳችንን በመስታወት ስለምናይ የእኛው ፊት ቢገለበጥ ብዙም አይታወቀን ይሆናል። ልጅ ግን የእናቱን ፊት በቀጥታ እያየ ነው ያደገው።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለቱንም ፎቶ በ1200 ዲፒአይ፣ በከለር ስካን አደረግኋቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለምን በከለር ይሉኛል ብዙዎች። ጉርዱ ላይ ጉንጩን ያቋረጠ ወይን ጠጅ ማህተም አለ። ከለሩን ከፋፍለህ ሰማያዊውን ቻናል ብቻ ስታይ ማህተሙ በጣም ይደበዝዛል። የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ያለው ቢጫ እድፍ ደግሞ ቀዩ ቻናል ላይ ይሳሳል። በእጅ የሚጠፋው ትንሽ ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ መጠኑ። ጉርዱን ግማሽ በግማሽ አሳልፎ እንዲያሳይ አድርጌ ኦሪጅናሉ ላይ ጣልኩት። የግራ ቅንድቡን በተረፈው ቅንድብ ላይ፣ አገጩን በተረፈው አገጭ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱ ሲገጥሙ መጠኑም ዘንበል ማለቱም ተገኘ። ከዚያ በማስክ ከጉርዱ የወሰድኩት የጎደለውን ብቻ ነው። ግንባሩ፣ ቅንድቡና የአገጩ መስመር የኦሪጅናሉ ናቸው። መልክን የሚይዙት እነዚህ ናቸው፤ ከተረፉ መንካት የለባቸውም።

ጊዜ የበላው ብርሃኑ ነው። ፊቱን ሳልገለብጥ ብርሃኑን ማዞር ነበረብኝ። የጉርዱን የአፍንጫ ጥላ ብርሃን ካለበት ጉንጭ ቆዳ ወስጄ አጠፋሁት። ከላዩ ግራጫ ሌየር አድርጌ Soft Light ላይ አስቀመጥኩት። በጣም ቀላል በሆነ ብሩሽ አንዱን ጎን ቀስ እያልኩ አጨለምኩ፣ ሌላውን አበራሁ። የእያንዳንዱን ጥላ ጥቁረት የለካሁት አጠገባቸው ከቆመችው ልጅ ፊት ጋር ነው። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ቀረ። ብሌኑ ላይ የምታበራዋ ነጭ ነጥብ የሁሉም በግራ ናት፣ የእሳቸው በቀኝ። አዛወርኳት። ለ30 በ40 ህትመት እሷም ትታያለች።

አዲስ የገባ ፊት ሌላም የሚያጋልጠው ነገር አለ። ከአካባቢው ጠርቶ ይታያል። የደበዘዘ ፎቶ ላይ ድፍን ጥቁር የለም፤ ጥቁሩ ሁሉ ጥቁር ግራጫ ሆኗል። ስለዚህ የብሌኑን ጥቁር የአባትየው ኮት እስካለበት ድረስ አነጣሁት። ትንሽ ብዥ አደረግኩት፣ ከዚያ የኦሪጅናሉን ዓይነት የፊልም ቅንጣት በAdd Noise ጨመርኩለት።

አንድ ነገር ግን እትዬን መጠየቅ ነበረብኝ። በጉርዱ ላይ እናትየው ገፋ ብለዋል፤ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርዱት ሁለት መስመሮች ጠልቀዋል። ማጥፋት እችላለሁ። ካጠፋሁት ግን የራሴን ግምት እየሳልኩ ነው።

"አታጥፋው፣ አለስልሰው" አሉኝ። "ያኔም ትንሽ ነበራት።"

ግማሽ ያህል አለሰለስኩት።

ሊወስዱ ሲመጡ ከወንድማቸው ጋር ናቸው። ወንድምየው ምንም አልተነገራቸውም ነበር። ፎቶውን አየት አደረጉና፣ "ይሄ የእማዬ ሻሽ የት ደረሰ?" ብለው ጠየቁ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝና "አልሃምዱሊላህ" አሉ። ከህትመቱ ጀርባ በእርሳስ ፊቱ በከፊል ከመታወቂያ ፎቶ የተወሰደ መሆኑን ጻፍኩበት። ነገ የልጅ ልጅ ሲያየው እውነቱን ይወቅ።

ወንድምየው ቤታቸው ሌላ እንዲሁ የተጣበቀ የሠርግ ፎቶ እንዳለ ነገሩኝ። ማንም እንዳይስበው፣ ከነፍሬሙ እንዲያመጡት አልኳቸው። አመጡት። ከእንጨቱ አውጥቼ ከነመስታወቱ ስካነሩ ላይ በፊቱ ደፋሁት። ስስ የሆነው አዲሱ ስካነር ለዚህ አይሆንም፤ ወረቀቱ ካልነካው ብዥ ያደርጋል። ወፍራሙ አሮጌው ስካነር ግን በመስታወት ውፍረት አሳልፎ ያያል። የሙሽራዋ ፊት ሙሉ ወጣ። የትም ሄደን ፊት መፈለግ አላስፈለገንም።