«ባህሩ ሳይታሰብ ጎደለ»

በጅቡቲ ጥልቀት በሌለው መግቢያ ላይ አንድ የሥራ ጀልባ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሲያድር፣ በማግስቱ የተጻፈው ሪፖርት ምክንያቱን በሦስት ቃል ዘጋው፦ «ባህሩ ሳይታሰብ ጎደለ»። ባህሩ ግን ሳይታሰብ አልጎደለም። ሰዓቱም ከፍታውም በዚያው ጀልባ ላይ በነበረው የታይድ፣ ማለትም የባህሩ ሙላትና ጉድለት፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ታትሞ ነበር። ሪፖርቱን ያነበቡ ወጣት መኮንኖች ያንን ቃል እንደ ማብራሪያ ይዘው እንዳይቀሩ ነገሩን ከሥሩ መናገር ይገባል።

ጀልባው ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ነው። ጠዋት ገብቶ አሮጌ ክሬን ጭኖ ማታ ሊወጣ ታቀደ። ከውስጥ ያለው ውሃ ጠለቅ ይላል፤ መግቢያው ላይ ግን የአሸዋ ደፍ አለ። በቻርቱ፣ ማለትም በባህር ካርታው፣ ላይ የደፉ ጥልቀት 0.4 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ባህሩ በጣም በሚጎድልበት ወለል ላይ የሚቀረውን ውሃ የሚያሳይ ስለሆነ፣ የሰዓቱ ታይድ በላዩ ይደመርበታል። ክሬኑ ሲጫን ጀልባው 2.2 ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል። ከሆዱ በታች 0.3 ሜትር መጠባበቂያ ሲጨመር የሚያስፈልገው ውሃ 2.5 ሜትር ይሆናል። የደፉ 0.4 ሲቀነስ፣ ለመውጣት ቢያንስ 2.1 ሜትር ታይድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የመኮንኑ ስሌት ትክክል ነበር። የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የጠዋቱን ሙላት ከሠንጠረዡ አነበበ፦ 06:40፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40፣ ከፍታው 2.6 ሜትር። የማታውን አላነበበም። በ06:40 ላይ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ደምሮ 19:05 አገኘ፤ ከፍታውንም ያው 2.6 ብሎ ያዘ። አብሮት የነበረው ካዴት «ጋሼ፣ የማታውንስ ከሠንጠረዡ አናየውም?» ቢለው፣ «ጨረቃ በቀን ሁለቴ ነው የምትስበው፤ ምን ያስፈልጋል?» ሲል መለሰለት።

ሠንጠረዡ ላይ የዚያ ቀን መስመር እንዲህ ይላል፦ 06:40 ላይ 2.6፣ 13:10 ላይ 0.4፣ 19:20 ላይ 1.7 ሜትር። ከዚያ በኋላ እኩለ ሌሊት አልፎ በ00:30 ወደ 1.3 ብቻ ይወርዳል፤ በማግስቱ 07:20 እንደገና 2.5 ይደርሳል። የማታው ሙላት ከጠዋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። 1.7 ላይ የደፉ 0.4 ሲደመር 2.1 ሜትር ውሃ ነው፤ ጀልባው ደግሞ 2.2 ይፈልጋል። ሙላቱ ጫፍ ሲደርስ እንኳ አሥር ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። 18:45 ላይ ተነስተው ደፉ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ።

አሁን መኮንኑ ስለ ጨረቃ ወደ ሰጣት መልስ እንመለስ፤ ምክንያቱም ግማሿ እውነት ናት፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ግማሽ እውነት ነው። ባህር በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላው ጨረቃ ሁለቴ ስለምትስብ አይደለም። ጨረቃ ያለማቋረጥ ትስባለች፤ ታይድን የሚፈጥረው የስበቷ መጠን ሳይሆን ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ጨረቃ ከምድር እምብርት በአማካይ 60 የምድር ሬዲየስ ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ወደ እርሷ የዞረው ገጽ በ59፣ ጀርባ ያለው ገጽ በ61 ርቀት ላይ ይገኛል። ስበት በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ፣ የፊተኛው ገጽ ከእምብርቱ በ3.4 በመቶ ጠንክሮ ይሳባል፤ የኋለኛው ደግሞ በ3.3 በመቶ ላልቶ። ፊት ያለው ውሃ ምድርን ሊቀድም ይፈልጋል፤ ጀርባ ያለውን ውሃ ደግሞ ምድር ትታው ትሄዳለች። በሁለቱም ወገን ውሃው ከእምብርቱ ይርቃል። ልዩነታቸው 3.4 እና 3.3 ብቻ ስለሆነ ሁለቱ እብጠቶች እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። ጀርባ ያለውን እብጠት «የምድር ሽክርክሪት የወረወረው ነው» የሚሉ አሉ። ምድር በራሷ ዛቢያ መሽከርከሯ ግን ባህሩን በምድር ወገብ ዙሪያ በአንድነት ያሳብጠዋል እንጂ ጠዋትና ማታ ለይቶ ከፍና ዝቅ አያደርገውም።

ይህ ኃይል ውሃውን ሽቅብ ያነሳዋል ማለትም አይደለም። ከምድር ስበት ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህ ኃይል ሽቅብ የሚነሳ ነገር የለም። የሚሠራው ወደ ጎን ነው። ከጎን የሚገፋው ኃይል የሚቋቋመው ነገር ስለሌለ፣ ውቅያኖስን በሚያህል ስፋት ላይ ውሃውን ቀስ አድርጎ ያንሸራትተውና ጨረቃ ወዳለችበትና ወደ ተቃራኒው ወገን ያከማቸዋል። ኩሬና ሐይቅ ላይ ታይድ የማናየው ለዚህ ነው፤ ተንሸራትቶ የሚከማች ስፋት የላቸውም።

ምድር አንዴ ስትዞር አንድ የባህር ዳርቻ በሁለቱ እብጠቶች ሥር ያልፋል። እስከዚያው ጨረቃም በምህዋሯ ወደፊት ስለምትሄድ ዳርቻው እርሷን ለመድረስ 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅበታል። የዚህ ግማሽ ያቺ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ናት። መኮንኑ የደመራት ቁጥር ከዚህ የመጣች ናት፤ በራሷ ስህተት የለባትም፤ አማካይ ናት። ስለ ከፍታ ግን አንድም ነገር አትናገርም።

ከፍታው የሚለያየው ጨረቃ ሁልጊዜ በምድር ወገብ ላይ ስለማትሆን ነው። በአንድ ወር ውስጥ ወደ ሰሜን ትወጣለች፣ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ከፍተኛው ማዘንበሏ በ18.6 ዓመት ዑደት ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ተኩል ይለዋወጣል። ጨረቃ 25 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት እንበል። የፊተኛው እብጠት ጫፍ 25 ዲግሪ ሰሜን ላይ ይሆናል፤ የኋለኛው ጫፍ በምድር ተቃራኒ ወገን ስለሚያርፍ 25 ዲግሪ ደቡብ ላይ ይወድቃል። ጅቡቲ 11 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ናት። በመጀመሪያው እብጠት ሥር ስታልፍ ከጫፉ የምትርቀው 13 ዲግሪ ተኩል ነው። ከግማሽ ቀን በኋላ በሁለተኛው ሥር ስታልፍ ርቀቱ 36 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። አንዱን በትከሻው፣ ሌላውን በእግሩ በኩል እንደማለፍ ነው። አንዱ ሙላት ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ የሚሆነው በዚህ ነው። ጨረቃ የምድር ወገብን በምታቋርጥባቸው ቀናት ግን ሁለቱ ሙላቶች እኩል ለመሆን ይቃረባሉ። መኮንኑ ምናልባት የለመደው እነዚያን ቀናት ይሆናል።

ይህ የጨረቃ ድርሻ ነው። የቀረውን የሚወስነው ባህሩ የተቀመጠበት ገበታ ነው። በሳህን ውሃ ይዞ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው የሚናወጠው እንደ እጁ እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን እንደ ሳህኑ ስፋትና ጥልቀት ነው። የእያንዳንዱ ባህር ገበታም የራሱ መናወጫ ጊዜ አለው። የጨረቃ ግፊት ሁለት ምት አለው፤ አንዱ በግማሽ ቀን፣ ሌላው በቀን የሚደጋገም። ለ12 ሰዓቱ ምት የሚመቸው ባህር በቀን ሁለት እኩል ሙላት ያሳያል፤ የአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻ እንዲህ ነው። ለ24 ሰዓቱ ምት የሚመቸው አንድ ብቻ ያሳያል፤ በቬትናም የቶንኪን ባህረ ሰላጤ ለዚህ የታወቀ ነው። ኒውተን በ1687 ስለዚያ ቦታ ሲጽፍ፣ የግማሽ ቀኑ ሙላት በሁለት መንገድ ዞሮ ሲገባ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ተገጣጥሞ እንደሚጣፋ አስረድቷል። በዚያ የቀረው የቀኑ ምት ብቻ ነው፤ ጨረቃ የምድር ወገብን ስታቋርጥ እርሱም ስለሚደክም ባህሩ ቀጥ ብሎ ይውላል።

ጅቡቲ ያለችበት የኤደን ባህረ ሰላጤ በሁለቱ መካከል ነው። የግማሽ ቀኑም የቀኑም ምት በዚያ ብርቱ ናቸው። ሲደመሩ አንደኛው ሙላት ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን የፀሐይ ስበት ከጨረቃ ጋር ስለሚጣረስ የግማሽ ቀኑ ምት ይደክማል። የጨረቃ ማዘንበል ከዚህ ጋር ከገጠመ ሁለተኛው ሙላት ለመጥፋት ይቃረባል። ከባብ ኤል መንደብ ወዲያ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምጽዋ ላይ ባህሩ አንድ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ፖርት ሱዳን አካባቢ ግን ከናካቴው የለም ለማለት ይቻላል። በአንድ ወደብ የለመዱትን ወደ ጎረቤቱ ይዞ መሄድ የማይቻለው ለዚህ ነው። ጨረቃን ቀና ብሎ አይቶ የትኛው ሙላት እንደሚበልጥ መናገርም አይቻልም፤ የአካባቢው ገበታ ምቱን ያዘገየዋል። ሠንጠረዡ የሚሠራው በዚያው ወደብ በተተከለ መለኪያ ለረጅም ጊዜ የተመዘገበው ከፍታ በምት በምቱ ተለይቶ ነው።

ሪፖርቱ በማጠቃለያው «የአየር ሁኔታ» የሚል ቃል ጨምሯል። ይህን በቁጥር መመለስ ይቻላል። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲጨምር ባህሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጫነዋል። 90 ሳንቲ ሜትር ለማጉደል ግፊቱ ከተለመደው 1013 ወደ 1103 መውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለ ግፊት በምድር ላይ ተለክቶ አያውቅም።

ጀልባውን ያተረፈው ያው አለመመጣጠን ነው። የተቀመጠው በትንሹ ሙላት ላይ ስለነበር ቀጣዩ የሚበልጥ ሆነ። በጠዋቱ 2.6 ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥሉት ሙላቶች ሁሉ ያነሱ ስለሚሆኑ ምናልባት ሁለት ሳምንት ይጠብቅ ነበር። ካዴቱ ይህን ከሠንጠረዡ አንብቦ ነገራቸው፤ ጎታች ጀልባ ከመጥራትና ሆዱን በአሸዋ ላይ ከመጎተት መልህቅ ጥለው እንዲጠብቁ ያደረገው እርሱ ነው። ታይዱ 1.8 ሲያልፍ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ጀልባው ያለማንም እርዳታ ተንሳፈፈ። ጎህ እስኪቀድ ቆይተው 06:00 ላይ፣ ከሆዱ በታች ግማሽ ሜትር በላይ ውሃ ይዘው ደፉን ተሻገሩ። የካዴቱ ጥያቄም የማታው ንባብም በሪፖርቱ ውስጥ የለም።