18 ወረቀት፣ 2 ክፍል

መጀመሪያ የቁም ጽሕፈት ትምህርት የከፈትኩ ዓመት ልጆቹን የመደብኳቸው በዓይኔ ነው። ደብተራቸውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ «ይሄ ቆንጆ ነው፣ ይሄ ይቀረዋል» እያልኩ። ቆንጆ ያልኳቸው በቀጥታ የመቃ ብዕር ያዙ፤ የቀሩት በእርሳስ የጭረት ልምምድ ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ከሁሉ ቆንጆ ይጽፋል ያልኩት ልጅ መቃ ሲይዝ እጁ ጠፋበት። ቁንጅናው የፍጥነት ነበር፤ ፊደሎቹን እያያያዘ ያስኬዳቸዋል እንጂ አንዱን ጭረት ከሌላው ለይቶ አይጥልም።

አምና ክረምት ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ እንደገና ስከፍት 18 ልጆች መጡ። ዘጠኙ መቃ ክፍል፣ ዘጠኙ እርሳስ ክፍል መግባት አለባቸው። አሁን በደብተር አልዳኝም ብዬ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት እንዲጽፉ አደረግኩ።

የሚጽፉትን መምረጡ ከጠበቅኩት በላይ አስቸገረኝ። ዓረፍተ ነገር ብሰጣቸው አንባቢው ከሐሳቡ ተነስቶ ይገምታል። «ውሻው አጥንት...» ካለ በኋላ «በላ» ምንም ቢበላሽ «በላ» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ እርስ በርስ የማይገናኙ 8 ቃላት ወሰድኩ፦ በላ፣ ባላ፣ ለማ፣ ሰማ፣ ሳቡ፣ ሳቢ፣ ቦታ፣ ባታ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ ተደበላልቀው፣ በጠቅላላው 24 ቃል። የእኛ ፊደል ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «በ»ን «ባ» የሚያደርገው የቀኝ እግሩ መርዘም ነው፤ የግራው ከረዘመ «ቦ» ይሆናል። «ቡ» እና «ቢ»ን የምትለያቸው ጭረት አንዷ እግሩ ወገብ ላይ፣ አንዷ እግሩ ጫፍ ላይ ናት። እጁ ትንሽ የሳተ ልጅ ፊደሉን ማበላሸት ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ይቀይረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ሠራሁ። ግማሾቹን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ግማሾቹን ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ አስጻፍኳቸው። የድሬዳዋን 8 ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። የከሰዓቶቹ ወረቀት ከታች በኩል በላብ ረጥቦ፣ ቀለሙ ተፈናጥቆ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ጽሑፉ ተንጋዶ ነበር። መጀመሪያ «ሰነፎቹ ከሰዓት ተሰብስበዋል» ብዬ አሰብኩ፤ በኋላ የራሴን እጅ ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ ገባኝ። በማግስቱ ጠዋት የከሰዓቶቹን ደግሜ አስጻፍኩ። ሁሉም እጃቸው ስር የታጠፈ ወረቀት እንዲያደርጉም አዘዝኩ። አሁን ክፍል ውስጥም ያለዚያ አላስጽፍም።

ስማቸውን ከጀርባ አስጽፌ ፊት ለፊት ቁጥር ብቻ ሰጠሁ። ከዚያ ሦስቱን ነገር ለየብቻ አየሁ፦ መጀመሪያ የሁሉንም ተነባቢነት፣ ቀጥሎ የሁሉንም ክፍተት፣ በመጨረሻ የሁሉንም ወጥነት። አንዱን ወረቀት ይዤ ሦስቱንም ነጥብ በአንዴ ስሰጥ፣ መልኩ ደስ ያለኝ ወረቀት በሁሉም ከፍ ይላል። ራሴን ይዤዋለሁ።

ተነባቢነትን እኔ አልዳኘሁም። አሜሪካዊው ሌናርድ ኤይረስ በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእጅ ጽሕፈት መለኪያ፣ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ለመጨረስ የሚወስድበትን ጊዜ መሠረት ያደረገ ነበር። እኔም የጎረቤቴን ልጅ፣ አምስተኛ ክፍል ናት፣ ጠራኋትና እያንዳንዱን ወረቀት ጮክ ብላ እንድታነብ አደረግኩ። ሰዓቱን ያዝኩ፣ ግን ከሰዓቱ ይልቅ የጠቀመኝ የስህተቱ ቁጥር ነው። የቃላቱን ቅደም ተከተል በአራት ዓይነት ማዘጋጀቴ በጀኝ፤ አለዚያ ከሦስተኛው ወረቀት በኋላ በቃሏ ትወጣው ነበር።

ክፍተትን መጀመሪያ በማስመሪያ ለካሁ። ከንቱ ድካም። ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ለምሳሌ «በ» እና «ባ»፣ በሚሊሜትር እኩል ቢራራቁም ጥብቅ ብለው ይታያሉ። «ተ» ግን ከክንዷ በታች ሰፊ ነጭ ትይዛለች። እኩል መሆን ያለበት መሐል ላይ ያለው ነጭ ቦታ ነው፤ ርቀቱ አይደለም። ማስመሪያውን ትቼ ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ቁልቁል ሲሆን ፊደል ማንበብ ይቀርና ነጩ ብቻ ይታያል። የተጣበቀውና የተበተነው ወዲያው ዓይን ይወጋል።

ወጥነቱን ከሥሩ ያለውን በሚያሳይ ስስ ወረቀት ለካሁት። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ «ላ» 6 ጊዜ አለ። ስስ ወረቀቱን ላዩ ላይ አድርጌ ስድስቱንም «ላ» አንዱን በአንዱ ላይ ገለበጥኩ። የወጥ ጸሐፊ ስድስቱ ተደራርበው አንድ ወፍራም «ላ» ይሆናሉ። የሌላው ደግሞ የተበተነ ጭድ ይመስላል።

አሁን ወደ ቁጥር 7 እና ቁጥር 12። ለእያንዳንዱ ነገር ከ5 ነበር የምሰጠው። ቁጥር 7 ተነባቢነት 5፣ ክፍተት 4፣ ወጥነት 1። ቁጥር 12 ተነባቢነት 1፣ ክፍተት 4፣ ወጥነት 5። ድምራቸው እኩል 10። ሰባትን ልጅቷ ያለ አንድ ስህተት አንብባታለች፤ ፊደሉ ትልልቅና ግልጽ ነው፣ ግን አንዱ «ላ» ወደ ግራ ያዘነበለ፣ አንዱ የቆመ፣ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። አሥራ ሁለት ላይ 9 ቃል ሳተች። «ሰማ»ን «ለማ» አለች፤ «ሳቡ» ላይ ስትደርስ «ላቡ» ብላ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ስለ ላብ ነው እንዴ የሚጽፈው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ዘጠኙም ስህተት አንድ ነው። የ«ሰ» አናት ላይ የምትቆመውን አጭር ጭረት ልጁ አይጥላትም፤ ወይ በነጥብ ያልፋታል። ዘጠኝ ጊዜ ጽፎ ዘጠኝ ጊዜ በአንድ ዓይነት አጥፍቷል።

መቃ አፉ ጠፍጣፋ ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ የሚመጣው ማዕዘኑ ሳይዛነፍ ሲያዝ ነው። ማዘንበያው በየፊደሉ የሚቀያየር እጅ መቃ ሲይዝ ወፍራሙ በማይሆን ቦታ ይወጣበታል። ስለዚህ ድምሩን ጣልኩት። መጀመሪያ በወጥነት ደረደርኩ፣ ሲተካከሉ በተነባቢነት፣ አሁንም ሲተካከሉ በክፍተት። ክፍተትን መጨረሻ ያደረግኩት በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለቱም ክፍል ስለማስተምረው ነው። ቁጥር 12 ወደ መቃ፣ ቁጥር 7 ወደ እርሳስ ሄዱ። አሥራ ሁለትን «አናቱን ጨምርበት» አልኩት፤ በዚያው ቀን ተስተካከለ።

ላይኛዎቹ አምስትና ታችኛዎቹ አምስት ላይ ብዙ አልደከምኩም፤ የትም ብትወስዳቸው ክፍላቸው ያው ነው። ጊዜዬን የበላው ድንበሩ ላይ ያሉት ስምንቱ ናቸው። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ «ከእነዚህ ማን ይበልጥ ወጥ ነው?» እያልኩ አወዳደርኳቸው።

አብሮኝ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ደግሞ ሳይነግረኝ የሦስት ወረቀት ፎቶኮፒ በሌላ ቁጥር መሐል ላይ ከቶብኝ ነበር። ሁለቱን ያው ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ። ሦስተኛውን ጠዋት በወጥነት 4 ያልኩትን ማታ 2 ብየዋለሁ፤ ደክሞኝ በሚያሳይ ወረቀት ሳልገለብጥ በዓይኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነበር። ያ ወረቀት ደግሞ በአጋጣሚ ድንበሩ ላይ ነው። ልጁን መቃ ክፍል አስገባሁት፤ ግራኝ መሆኑን ያወቅኩት ግን መቃውን ሲይዝ ነው። ለቀኝ እጅ የተቀረጸ አፍ አልሆንለት ብሎ አንድ ሳምንት ታገለ፣ ከዚያ ጫፉን በተቃራኒ ዘንበል አድርጌ ቀረጽኩለት። ዘንድሮ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ከስሙ ቀጥሎ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ አስሞላለሁ።